ውሉ ጥቅምት 30 ያልቃል፣ ደብዳቤው ግን ነሐሴ ላይ መድረስ አለበት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንዲት እናት ግቢ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ውላችን ከኅዳር 1 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ሥራዬ ወደ ባሕር ዳር ስለተዛወረ አላድስም። ለእትዬ ቡና ላይ ነግሬያቸው «እሺ ልጄ፣ መንገድሽን ያቅናው» ብለውኛል። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ግን ደውሎ «በጽሑፍ አልሰጠሽም፣ ውሉ ይታደሳል» አለኝ። ውሉ ላይ «ከማለቁ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ካልተገለጸ በነበረበት ሁኔታ እንደታደሰ ይቆጠራል» የሚል አለ። ዛሬ ነሐሴ 25 ነው። ረፍዶብኛል? እትዬ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፣ ለማን ነው የምሰጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ አልረፈደብዎትም። ግን የቀረዎት ጊዜ እስከ መጪው ዓርብ ነው። ደብዳቤው ነሐሴ 30 ከማለፉ በፊት እትዬ እጅ ገብቶ፣ መግባቱም በማስረጃ መያዝ አለበት። እኔ ብሆን ነገ ሰኞ ጽፌ ማክሰኞ አስረክባለሁ።

ዓርብ ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳዎት፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጥቅምት 30 ወደ ኋላ በቀን ከቆጠሩ ጥቅምት 30 ቀን፣ መስከረም 30 ቀን፣ ድምሩ 60 ቀን ይሆንና ጳጉሜን 5 ላይ ያርፋሉ። በወር ከቆጠሩ ደግሞ ጳጉሜን ራሷን የቻለች የኪራይ ወር አይደለችም። ለጳጉሜን ኪራይ ለብቻው የሚከፍል ሰው አላየሁም፣ ከነሐሴ ጋር አብራ ነው የምትታየው። ያ ማለት ሁለት ሙሉ ወር የሚባሉት መስከረምና ጥቅምት ናቸው፣ ማሳወቂያውም ከነሱ በፊት መድረስ አለበት። እርስዎ ጳጉሜን 3 ላይ ቢሰጡ «በጊዜው ነው» ብለው መከራከር ይችላሉ። ልጃቸው ደግሞ «የነሐሴ ወር ካለፈ በኋላ ነው» ብሎ ይከራከራል። ለአምስት ቀን ብሎ ፍርድ ቤት መመላለስ ምን ያደርጋል? ነሐሴ 30 ሳያልፍ ከሰጡ በሁለቱም አቆጣጠር ያሸንፋሉ።

አሁን ወደ ልጃቸው ንግግር። ልጁ ግማሹን ትክክል ነው። በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ጊዜው የተወሰነ የኪራይ ውል ጊዜው ሲደርስ በራሱ ያበቃል። ማንም ማንንም ባያስጠነቅቅም ያበቃል። ሌላ ምንም ቃል በሌለበት ውል ቢሆን ኖሮ ጥቅምት 30 ቁልፉን አስረክበው መውጣት ብቻ ይበቃዎት ነበር። የእርስዎ ውል ግን የራሱን ደንብ ጨምሯል። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው፣ ይህ በቁጥር 1731 ላይ በግልጽ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ «በጽሑፍ» የሚለውን ቃልና «ሁለት ወር» የሚለውን ጊዜ ማክበር አለብዎት።

ልጁ ያልተናገረው ሌላው ግማሽ ውሉ «ይታደሳል» ቢልም ለስንት ጊዜ እንደሚታደስ አለመናገሩ ነው። አንዱ «ለሌላ ሁለት ዓመት» ይላል፣ ሌላው «ጊዜ ለሌለው ውል» ይላል። ሕጉ ተከራይ ጊዜው ካለፈ በኋላ ባለቤቱ እያወቁና ሳይቃወሙ በቤቱ ሲቀጥል የሚፈጠረውን ውል ጊዜ ያልተወሰነለት አድርጎ ነው የሚያየው። ያ ደግሞ በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ይችላል። እኔ ለተከራይ ብቆም ይህን ይዤ እከራከራለሁ። ነገር ግን እርግጠኛ ያልሆነ ክርክር ውስጥ የሚገባ ሰው ኪራይ እየከፈለ ነው የሚከራከረው። በወር 6,500 ብር ከሆነ፣ ክርክሩ አራት ወር ቢፈጅ 26,000 ብር ነው። ደብዳቤው የሚያስወጣዎት የወረቀትና የኮፒ ዋጋ ነው።

ደብዳቤውን እንዴት እንደሚጽፉ እነሆ። አጭር ይሁን። ምስጋናም ቢኖር መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይለፍ።

ቀን፦ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም

ለወ/ሮ (ሙሉ ስም)፣
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ የቤት ኪራይ ውሉን የማላድስ መሆኔን ስለማሳወቅ

ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም በተፈራረምነው ውል የተከራየሁት በ(ቀበሌና የቤት ቁጥር) የሚገኘው ቤት የኪራይ ጊዜ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም ያበቃል። በውሉ አንቀጽ (ቁጥር) መሠረት ውሉን የማላድስ መሆኔንና ቤቱን በዚሁ ቀን ለቅቄ ቁልፉን የማስረክብ መሆኔን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። የርክክቡን ሰዓት አብረን እንድንወስን፣ ዲፖዚት ያስያዝኩት ገንዘብም በርክክቡ ዕለት ሒሳቡ ተሠርቶ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
(ስምና ፊርማ)

ይኸው ነው። «ለማሳወቅ እወዳለሁ» ብለው ቢጀምሩም ችግር የለውም፣ ዋናው ሐሳቡ እርግጠኛ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ደብዳቤው ውስጥ ቅሬታ ይጨምርና ነገሩን ያበላሻል። «ውኃው ካልተስተካከለልኝና ኪራዩ ካልቀነሰ ልለቅ እችላለሁ» የሚል ደብዳቤ የመልቀቂያ ማሳወቂያ አይደለም፣ የድርድር ደብዳቤ ነው። ዳኛው ፊት ሲቀርብ «ታዲያ ለቅቀሻል ወይስ ልትለቂ አስበሽ ነበር?» የሚያስብል ጽሑፍ ነው። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ጎረቤቱ ወይም ስለ ውኃው የሚሉት ካለ በሌላ ቀን በሌላ ወረቀት ያድርሱ። ውሉን ከባለቤትዎ ጋር አብረው ፈርመው ከሆነ ደብዳቤውም ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ።

አሁን ጠቃሚው ጥያቄዎ፣ ለማን ይሰጣል የሚለው። ውሉ ላይ አከራይ ሆነው የተጠቀሱት ማን ናቸው? ጥያቄዎ እንደሚለው ግቢውም ቤቱም የእትዬ ከሆነና ውሉ በእሳቸው ስም ከሆነ የሚሰጠው ለእሳቸው ነው። ልጃቸው የውክልና ወረቀት ከሌለው በስልክ የሚናገረው ነገር የቤተሰብ አስተያየት ነው። ውክልና ካለው ግን አይናቁት። ኮፒውን ይጠይቁና ደብዳቤውን ለሁለቱም ይስጡ። ምንም ውክልና ባይኖረውም እንኳ የደብዳቤውን ፎቶ በስልክ ቢልኩለት አይጎዳዎትም፣ እንዲያውም በኋላ «ማንም አልነገረኝም» ለማለት ይቸግረዋል። ኪራዩን የሚቀበልዎት ሰው ሌላ ከሆነም ለዚያ ሰው ብቻ ሰጥተው አይተዉት፣ ገንዘብ መቀበልና የውል ማሳወቂያ መቀበል አንድ ሥልጣን አይደለም።

እትዬ ማንበብና መጻፍ አለመቻላቸው ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ አገር ሰው በጣት አሻራ ፈረመ ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ግን ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ሰው በጽሑፍ ውል ላይ ያደረገው አሻራ የሚያስገድደው፣ ሥልጣን ያለው ሹም ወይም ዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው ይላል። የእርስዎ ደብዳቤ ውል አይደለም፣ እሳቸውን የሚያስገድድ ግዴታም አይፈጥርም። መድረሱን ብቻ ነው ማሳየት የሚያስፈልገው። ሆኖም አሻራ ብቻውን ነገ «ምን እንደሆነ ሳይነበብልኝ ነው ያስነኩኝ» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል። ስለዚህ ነገሩን በሰው ፊት ያድርጉት።

እንዲህ ነው የማደርገው። ደብዳቤውን በሦስት ኮፒ አወጣለሁ። ከሠፈሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ቢቻል እትዬ የሚያምኗቸው፣ ለምሳሌ የዕድራቸው ጸሐፊ ወይም ማንበብ የሚችል የቅርብ ዘመድ፣ ሌላው ከሁለታችሁም ወገን ያልሆነ ጎረቤት ይጠራሉ። ደብዳቤው በእትዬ ፊት ጮክ ተብሎ ከቀኑ እስከ ፊርማው ይነበባል። ከዚያ በኋላ በእርስዎ ኮፒ ጀርባ ይህ ይጻፋል፦ «ይህ ደብዳቤ ዛሬ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም በመኖሪያ ቤታቸው ለወ/ሮ (ስም) ተነብቦላቸው አንድ ኮፒ ተረክበዋል፣ እኛም በቦታው ነበርን።» ሁለቱ ምስክሮች ሙሉ ስማቸውን፣ ስልካቸውንና ፊርማቸውን ያስቀምጣሉ። እትዬ ደስ ካላቸው አሻራቸውን ያክሉ። ደስ ካላላቸው ግን አያስጨንቋቸው፣ የምስክሮቹ ቃል ይበቃል። ሦስተኛውን ኮፒ እትዬ ካልከፋቸው ምስክሩ ጎረቤት ይዘው ይቆዩ።

ይህ ነገር እትዬን እንደ ጠላት ማየት የሚመስልዎት ከሆነ አያስቡት። ቡና ላይ የነገሯቸውን ቃል ያፈርሳሉ ብዬ አልጠረጥራቸውም። ነገር ግን እሳቸው ቢያርፉ፣ ወይም ቢታመሙና ልጃቸው ነገሩን ቢረከበው፣ ያን የቡና ቀን ማን ይመሰክራል? ወረቀቱ እሳቸውንም ይጠብቃል። ልጃቸው «ለምን ለቀቅሻት» ብሎ ሲወቅሳቸው የሚያሳዩት ነገር ይኖራቸዋል። እንዲያውም ሲሄዱ ይህንኑ ይንገሯቸው፦ «እትዬ፣ ለእርስዎም ለእኔም እንዲሆን በወረቀት አምጥቻለሁ» ይበሏቸው።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ገና ሥራ ስጀምር ዳንግላ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ውሉ ላይ የጽሑፍ ማሳወቂያ የሚል ነበር። ባለቤቱ ግን ደግ ሰው ስለነበሩ በቃል ነግሬያቸው «ምን ወረቀት አስፈለገ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በሌላ የቤተሰብ አባል እጅ ገባ። አዲሱ ሰው ውሉን አንብቦ የሁለት ወር ኪራይ ካልተከፈለኝ ዕቃህን አታወጣም አለ። ሽማግሌ ገብቶ በአንድ ወር ተስማማን። ደጉ ሰው ምንም አላጠፉም፣ እኔ ነበርኩ ውሉን ያላነበብኩት። ወረቀቱ ኖሮ ቢሆን ሽማግሌዎቹ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር የሚሆንባቸው።

እትዬ ወይም ቤተሰባቸው «አልቀበልም» ቢሉስ? አለመቀበል ደብዳቤውን አያጠፋውም። ምስክሮቹ «ተነብቦላቸው አንቀበልም ብለዋል» ብለው ይጽፋሉ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይገባበታል። ፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ መላክም ይቻላል፣ ደረሰኙ ራሱ ማስረጃ ነው። ነገር ግን እንደ እትዬ የፖስታ ሣጥን የሌላቸው ሰዎች ጋ ደብዳቤው ወደ እጃቸው ሳይገባ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጊዜ አጥሮ ባለበት እንዲህ ባለ ሳምንት እኔ የምተማመነው በምስክሮቹ ነው። የስልክ መልእክት ብቻውን አይበቃዎትም፣ ማንበብ ለማይችል ሰው የተላከ መልእክት «ደረሰው» ለማለት ይቸግራልና።

አንድ ነገር ደግሞ ያጣሩ። በ2016 ዓ.ም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በክልሎች ውስጥ ግን ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ከተማ አስተዳደሩ የቤቶች ጉዳይ የሚይዘው ክፍል ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ይሠራል ወይ፣ የእኔ ውልስ ተመዝግቧል ወይ። ተመዝግቦ ከሆነ የደብዳቤዎን ኮፒ እዚያም ያስገቡና መዝገብ ቁጥር ይቀበሉ። ካልተመዘገበ ወይም አዋጁ እዚያ ካልደረሰ የነገርኩዎት የውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ መንገድ ነው የሚሠራው።

ስለ ዲፖዚቱ ደግሞ ውሉን ዛሬውኑ ያንብቡት፣ ምክንያቱም ቃሉ ሁሉን ይወስናል። «ቅድሚያ ኪራይ» ከተባለ የመጨረሻዎቹ ወራት ኪራይ ነው፣ ስለዚህ የመስከረምንና የጥቅምትን ኪራይ ለብቻ መክፈል አይጠበቅብዎትም። «መያዣ» ወይም «ዲፖዚት» ከተባለ ግን መስከረምም ጥቅምትም እንደወትሮው ይከፈላሉ፣ ገንዘቡም የሚመለሰው በርክክብ ነው። በራስዎ ውሳኔ «ከዲፖዚቱ ይቀነስ» ብለው ኪራይ ማቆም ከፍተኛ ስሕተት ነው፣ ያኔ እርስዎ ውል ያፈረሱ ሰው ይሆናሉ። ለምሳሌ ኪራዩ 6,500፣ የያዙት ደግሞ የሁለት ወር መያዣ 13,000 ብር ቢሆን፣ ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። የተሰበረ የመስኮት መስታወት ካለ አናጢ የነገራችሁ ዋጋ፣ 900 ብር ይሁን፣ ይቀነሳል። የጥቅምት የውኃ ቢል እስኪመጣ 400 ብር ይያዛል። ቀሪው 11,700 ብር በዕለቱ ይመለሳል። ቢሉ 250 ብር ሆኖ ሲመጣ 150 ብር ይመለስልዎታል። ቀለም መደብዘዝ፣ በር መላላት፣ የምድጃ ጥላሸት ግን በመኖር የሚመጣ ማርጀት ነው፣ ተከራይ አይከፍለውም። ሲገቡ ያነሱት ፎቶ ካለ ያውጡት፣ ከሌለ ዛሬ ያንሱ፣ ዕቃ ከወጣ በኋላም እንደገና ያንሱ።

መልቀቂያው ቀን ጥቅምት 30 እሑድ ነው የሚውለው። ባንክም መሥሪያ ቤትም ዝግ ስለሚሆን የገንዘቡንና የመብራቱን ነገር ዓርብ ጥቅምት 28 ይጨርሱ። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ በውስጡ የቀረውን ቁጥር ፎቶ ያንሱ፣ ትርፍ ካለ እትዬ ይክሱዎት ዘንድ አስቀድመው ይስማሙ። ዕቃውን ቅዳሜ ያውጡ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱን ባዶ ሆኖ አብራችሁ ይዩት። ደላላ አዲስ ተከራይ ይዞ ከመስከረም ጀምሮ መምጣቱ አይቀርም። ሰዓት ወስነው ያሳዩ እንጂ አይከልክሉ፣ ግን እርስዎ ሳይኖሩ በሩ እንዳይከፈት ከእትዬ ጋር ይነጋገሩ።

ባሕር ዳር ያለው ቤት ዘግይቶብዎት ተጨማሪ ሳምንት ቢያስፈልግዎትስ? ዝም ብለው እንዳይቀመጡ፣ በተለይ ደግሞ የኅዳርን ሙሉ ኪራይ እንዳይከፍሉ። እርስዎ ከፍለው እሳቸው ከተቀበሉ አዲስ ውል ተፈጥሯል የሚባልበት ማስረጃ ያ ነው። ይልቁንስ ከጥቅምት 30 በፊት በምስክሮች ፊት አንድ መስመር ይጻፉ፦ «ቤቱን ለመልቀቅ እስከ ኅዳር 7 ብቻ ተፈቅዶልኛል፣ ይህ የውሉ መታደስ አይደለም፣ የ7 ቀን ኪራይ 1,517 ብር ከፍያለሁ።» 6,500ን በ30 አካፍለው በ7 ሲያባዙ 1,516 ብር ከ67 ሳንቲም ነው፣ ለዚያ ነው 1,517 ያልኩት።

ቁልፉን ሲመልሱ ስንት ቁልፍ እንደሆነ ይጻፍ፣ የግቢው በርና የመጸዳጃው ጭምር። ኪራይ የሚያቆመው ዕቃ ስለወጣ ሳይሆን ቤቱ በእጃቸው ስለገባ ነውና፣ ቁልፍ ለጎረቤት ትተው አይሂዱ። ያንኑ የምስክር ወረቀት ይድገሙት፦ ሦስት ቁልፍ፣ ቤቱ ባዶ፣ የተመለሰው ገንዘብ ይህን ያህል፣ ቀንና ሰዓት። ዲፖዚቱን ያን ቀን ካልመለሱ ደግሞ በጽሑፍ ይጠይቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ባለ ዕዳ ግዴታውን አልፈጸመም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃልና፣ ያ ደብዳቤ ቀኑ ሲመጣ የክስዎ መጀመሪያ ይሆናል። የነሐሴውን ደብዳቤ ኮፒ ከርክክቡ ወረቀት ጋር አብረው ባሕር ዳር ይዘውት ይሂዱ።